ከጅራቱ የሚጀመር ዓረፍተ ነገር

ጋሼ በሩን ዘግተው ካናገሩ ነገር አለ ማለት ነው። በዚያ የትርጉም ቢሮ ውስጥ በር የሚዘጋው ሰው ሲቀጠር ወይም ሰው ሲባረር ብቻ ነበርና፣ ፈቺዋ የሚሏት ተርጓሚ «ግቢና በሩን መለስ አድርጊው» ስትባል ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ገና ሳትቀመጥ ማስላት ጀመረች።

«ተቀመጪ ልጄ» አሉ ጋሼ። የቢሮው ባለቤት ናቸው፤ ሥራውንም ከሀ ጀምሮ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ሁለት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አደረጉና በእስክሪብቶ ጫፍ ጠቆሟት። «የግራው ያንቺ ነው፣ የቀኙ የግሬደር። እስቲ እይውና አንድ ነገር በይኝ።»

አየችው። ደንበኛው የላከው የማመሳከሪያ ፕሮግራም ውጤት ነው፤ በእሷና በባልደረባዋ ትርጉሞች ውስጥ የሚመሳሰሉት ቃላት በቢጫ ተቀልመዋል፣ የማይመሳሰሉት ደግሞ ወጥተው በነጥብ ተተክተዋል። ነጥቡ እዚህም እዚያም ጣል ጣል ያለ ነው፤ ገጹን የሞላው ቢጫው ነው። «ነርሶቹ ሕሙማኑ ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ በየሳምንቱ ይደውሉላቸው ነበር» የምትለው የራሷ ዓረፍተ ነገር፣ እሷ በእንግሊዝኛ እንዳሰካካቻት፣ አንድ ቃል ሳይጎድል ሳይጨመር ከቀኙ ወረቀት ላይ ቁጭ ብላለች።

«ሌባ!» አለች፤ ሳታስበው ነው ያመለጣት።

«እኔም አላመንኩም ነበር» አሉ ጋሼ፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ። «ደንበኛው በጣም ተቆጥቷል። ‹ተርጓሚዎችህ ይገለባበጣሉ› ብሎ ጻፈልኝ። ሰውየውን ማሰናበቴ ነው። ግን ዝም ብዬ ባባርረው ነገ ይከሰኛል፤ ማህደሩ ውስጥ የምስክር ቃል መግባት አለበት። አንድ አንቀጽ ጻፊልኝ። ከእኔ ሥራ ሲገለብጥ ደርሼበታለሁ በይ፣ በቃ። ነገ ከምሳ በፊት።»

«ከዚያስ በኋላ?»

«ከዚያማ ሌላ እፈልጋለሁ። የራሱ እጅ ያለው ሰው።»

ፈቺዋ እሺ ብላ ወጣች። እሺ ያለችው ደግሞ በሙሉ ልቧ ነው። ላቧን ጠብ አድርጋ የፈታችውን ነገር ሰው ቁጭ ብሎ ሲገለብጠው፣ ማን ነው ደሙ የማይፈላው?

ይኸውላችሁ፣ ሥራው እንዲህ ነው። አብስትራክት የሚሉት ነገር አለ፤ አንድ ተመራማሪ የስንት ጊዜ ልፋቱን ጨምቆ ከጥናቱ አናት ላይ የሚያስቀምጣት አንዲት አንቀጽ። አጭር ናት ብላችሁ እንዳትንቋት! በቻይንኛ ስትጻፍ ዋናው ስም የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ከሱ በፊት ገላጩ ሁሉ አንዱ በአንዱ ጀርባ ተሰልፎ ያልፋል፤ በመካከላቸው «ደ» የምትባል ቁራጭ ቃል እየገባች ታያይዛቸዋለች፣ የእኛን «የ» የመሰለች፣ ብቻ ከፊት ሳይሆን ከኋላ የምትለጠፍ። ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ አያስደነግጥም። «ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ነርሶች በየሳምንቱ በስልክ የሚጠይቋቸው፣ የዳሌ ስብራት ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን ሕሙማን መድኃኒት አወሳሰድ» ብትሉት እኛም አፋችን ለምዶታል፣ «አወሳሰድ» እስኪመጣ ታግሠን እንጠብቃለን። እንግሊዝኛ ግን ትዕግሥት የለውም። ስለ ማን ነው የምታወራው? ይላል ገና ከጅምሩ። ስሙን መጀመሪያ ይፈልጋል፤ የቀረው ከኋላ ይከተል ይላል። ስለዚህ ተርጓሚው ሰንሰለቱን ፈትቶ እንደገና መቀጠል አለበት፤ አንዱን ቀለበት የተሳሳተ ቦታ ካንጠለጠለው ደግሞ ቀዶ ጥገናው ለነርሶቹ የተደረገ ይመስልና ጉድ ይፈላል።

ጋሼ ያስተማሯት ዘዴ አንድ ነው፤ ከጅራቱ ጀምሪ። መጀመሪያ መጨረሻ ላይ ያለውን ስም ያዢ። ከዚያ ወደ ኋላ እየሄድሽ እያንዳንዱን ገላጭ «አንተ የማን ነህ?» ብለሽ ጠይቂው። ባለቤቱን ሳይነግርሽ አትልቀቂው። እሷ በዚህ ላይ የራሷን ጨመረችበት። ወረቀቱን አትማ፣ ዋናውን ስም በቀይ እርሳስ ትከብባለች፤ አጫጭሩን ገላጭ በሰማያዊ ታሰምርና ከስሙ ፊት ታስቀረዋለች፤ ረጅሙን በአረንጓዴ ታሰምርና ወደ ኋላ ታዞረዋለች፤ ድርጊት ያለበትን ደግሞ ጭራሽ ቆርጣ አውጥታ የራሱ ዓረፍተ ነገር ታደርገዋለች። «ነርሶቹ በየሳምንቱ ይደውሉላቸው ነበር» የተወለደችው እንደዚያ ነው። ጋሼ ያን ሲያዩ ነበር ፈቺዋ ያሏት፤ ስሙም በዚያው ቀረ።

ግሬደር የመጣው «ኮማ» ከሄደች በኋላ ነው። ኮማ የቀድሞዋ ባልደረባ ናት፤ ሰንሰለቱን ሳትቆርጥ በኮማ እያንጠለጠለች አንቀጹን በአንድ ትንፋሽ ትጨርሰው ስለነበር ነው ስሙ የወጣላት። እሷ አግብታ ወደ ሌላ ከተማ ሄደችና ወንበሯ ላይ ይህ ጎልማሳ ተቀመጠ፤ የሁለት ልጆች አባት፣ ዕድሜውን ሙሉ በመንገድ ሥራ ካምፕ ለቻይና መሐንዲሶች ሲያስተረጉም የኖረ። ግሬደር የተባለውም በዚያ መንገድ በሚጠርገው ማሽን ስም ነው። መንገዱ ሲያልቅ እንጀራውም አብሮ አለቀና ለረጅም ጊዜ ሥራ ፈትቶ ተቀመጠ። እዚህ ሲቀጠር ሚስቱ ከደስታ ብዛት እንዳለቀሰች ራሱ ነግሯታል። ቻይንኛውን እንደ ውሃ ይጠጣዋል፤ እንግሊዝኛው ላይ ግን ሰንሰለቱ ያንቀው ነበር። ጋሼ «አሠልጥኚው» አሏት። አሠለጠነችው። ቀዩን፣ ሰማያዊውን፣ አረንጓዴውን እርሳስ ገዝታ የሰጠችው እሷ ናት። «የኔታ» እያለ ይቀልድባት ነበር፤ እሷም «ዝም ብለህ ከጅራቱ ጀምር» ትለዋለች።

እና ይኼ ሰውዬ ይሰርቀኛል!

ወንበሯ ላይ ተመልሳ ስትቀመጥ ግሬደር ቀና ብሎ አያት፣ ወዲያውም ዓይኑን ሰበረ። ለካ ሰሞኑን እንደዚህ ነው! አሁን ሲገባት ሁሉም ነገር ገጠመላት። ስትመጣ ወሬውን ያቋርጣል። ስክሪኑን ወደ ግድግዳው ዞር አድርጎታል። በቀደም ዕለት «ለጸሐፊዎቹ ጥያቄ ስትጽፊ የት ነው የሚሄደው?» ብሎ ጠይቋት፣ «ለጋሼ ነዋ፣ ሌላ የት ይሄዳል?» ስትለው «እ…» ብሎ ረጅም ጊዜ አይቷት ነበር። ያን ጊዜ ልብ አላለችውም። አሁን ግን ያ አስተያየት የጥፋተኛ አስተያየት ሆኖ ታያት።

መሳቢያዋን ቆለፈች። የኮምፒውተሯን የይለፍ ቃል ቀየረች። ሻይ ልትጠጣ ስትነሳ እንኳ ወረቀቶቿን ገልብጣ ሄደች። ግሬደር ቁልፉ ቀጭ ሲል ሰምቶ ትከሻውን ነቅነቅ አደረገ። «ዝም በል አንተ፣ ነገ ታየዋለህ» አለች በልቧ። ከሰዓቱን ሙሉ አንድ አንቀጽ ሳትተረጉም ዋለች፤ ሥራዋ ሰውየውን መጠበቅ ብቻ ሆነ። እሱ ግን ወረቀቱ ላይ አቀርቅሮ በቀይ ይከባል፣ በአረንጓዴ ያሰምራል፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ «የማን ነህ? የማን ነህ?» ይላል። ሌባ ሲሰርቅ እንደዚህ ይለፋል እንዴ? ያቺ ጥያቄ ብልጭ አለችባትና ገፍታ አባረረቻት።

እራት ላይ ለባሏ ነገረችው። ባሏ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከመሪ ጋር ስለሚውል ቤት ሲገባ ለክርክር ጉልበት የለውም፣ ለቀልድ ግን መቼም አያጣም።

«እጅ ከፍንጅ ይዘሽዋል?»

«ወረቀቱ ላይ አየሁት እኮ!»

«እሱን ነው የምልሽ፤ ሲሰርቅ አይተሻል?»

«ዓረፍተ ነገሬን አንድ በአንድ! በዓለም ላይ እንደዚያ አድርጎ የሚቆርጥ ሌላ ሰው የለም።»

«የለም? ያሠለጠንሽውስ?» አለና ዳቦውን ጎረሰ። «አንቺ እኮ ሥጋው ከድስት ቢጎድል ድመቷን ትተሽ ጎረቤት የምትከሺ ሴት ነሽ።»

«ቀልድ አሁን!»

«እሺ፣ እሺ። ግን የሰው እንጀራ ነው፤ ስትጽፊ ረጋ ብለሽ ጻፊ።»

ተናደደችበት። ንዴቷ ግን እንደ ቅድሙ ሙሉ አልነበረም፤ የሆነ ቦታ ተሸርፏል። በሌብነት የተባረረ ተርጓሚ ሌላ ቢሮ በር አይከፈትለትም፤ ሥራው የእምነት ሥራ ነው፣ ያልታተመ ጥናት የሚሰጡህ አምነውህ ነው። እሷ የምትጽፋት አንቀጽ ያን ሰው እስከ መጨረሻው ነው የምትቀብረው። ስለዚህ ማስረጃዬን ላጠናክር አለች። ለራሷ የነገረችው ይህን ነው፤ ማስረጃ።

ጠዋት ከሁሉም ቀድማ ገባች። ያስፈለጋት የግሬደር የቻይንኛው ጽሑፍ ነው፤ ከእሷ ጽሑፍ የተለየ መሆኑን አያይዛ፣ «ይኸው፣ የሌላ ጥናት ላይ የእኔን ትርጉም ለጥፎበታል» ልትል ነው። በዚያ ቢሮ ግን አንዱ የሌላውን ጽሑፍ መክፈት ክልክል ነበር። ጋሼ «የደንበኛ ምስጢር ነው» ይላሉ፤ ሥራውንም የሚያከፋፍሉት ራሳቸው፣ በየግል ፎልደሩ እያስገቡ ነው። እሷም ከኮማ ጋር ያን ሁሉ ጊዜ ጎን ለጎን ተቀምጣ አንድም ቀን የእሷን ዋና ጽሑፍ አይታ አታውቅም።

የግሬደር ወረቀቶች ግን ጠረጴዛው ላይ ነበሩ። አልቆለፈባቸውም። ክምሩን ገለጥ ገለጥ አድርጋ የተባለውን አገኘችው፤ በሦስት ቀለም የተሰመረ፣ በደንብ የተለፋበት ወረቀት። የራሷን ወረቀት ከመሳቢያዋ አውጥታ ጎኑ አደረገችው።

ክው አለች።

ሰንሰለቱ አንድ ነው! እንግሊዝኛውን ተዉት፣ የቻይንኛው ሰንሰለት ራሱ አንድ ነው። ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ፣ ነርሶች በየሳምንቱ በስልክ የሚጠይቋቸው፣ ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ… ቀለበቱ በቀለበት፣ «ደ»ዋ በ«ደ»ዋ፣ በዚያው ቅደም ተከተል። የደራሲዎቹ ስም ሌላ፣ ሆስፒታሉ ሌላ፣ ከተማው ሌላ። በእሷ ላይ «ዳሌ» የነበረው በእሱ ላይ «ክርን» ሆኗል። «አረጋውያን» የነበረው «ትምህርት ቤት ያልገቡ ሕፃናት» ሆኗል። በውጤቱ ላይ ቁጥሮቹ ትንሽ ትንሽ ነቅነቅ ብለዋል። ሌላው ሁሉ እንዳለ ነው። ሰው አንድ ጥናት ወስዶ ዳሌውን ነቅሎ ክርን ተክሎበታል፣ ሽማግሌውን አስነስቶ ሕፃን አስተኝቶበታል።

ግሬደር አልሰረቃትም። ሁለቱም አንድ ገመድ ተሰጥቷቸው፣ እሷ ባስተማረችው እጅ ፈትተው፣ አንድ ዓይነት ክር አወጡ። እንዴት ሊለያይ ይችላል? ልዩነት ቢኖር ነበር የሚያስገርመው!

እዚያው ወረቀት ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አየች። «ብቻቸውን የሚኖሩ» የሚለው በቀይ ሦስት ጊዜ ተከቧል። የለወጠው ሰው ሽማግሌውን በሕፃን ሲተካ ይቺን ቀለበት ረስቷታል። በዳሩ ላይ የግሬደር የእጅ ጽሑፍ አለ፦ «ሕፃናት ብቻቸውን እንዴት ይኖራሉ? ጸሐፊዎቹ ይጠየቁልኝ።»

«ምን እያየሽ ነው?»

ግሬደር በሩ ላይ ቆሟል፤ ቦርሳው ገና ትከሻው ላይ ነው። እጇ ላይ ያለውን ወረቀት አየ፣ ፊቱ ጠቆረ።

«ይኸው! አውቄዋለሁ» አለ። «አንቺ ነሽ አይደል?»

«ምኑን ነው እኔ የሆንኩት?»

«ጥያቄዎቼን የምታጠፊው! በጻፍኩ ቁጥር ይጠፋሉ። ይቺን ጠየቅኩ፤ የተላከውን ሳይ ጥያቄዬ የለም፣ ‹ብቻቸውን የሚኖሩ› የሚለውም ከትርጉሙ ውስጥ ተቆርጦ ወጥቷል። ሥራዬን አይታ የምታስተካክለው አሠልጣኜ ናት፣ ሌላ ማን ይሆናል አልኩ። ጥያቄ የት እንደሚሄድ ስጠይቅሽ ደግሞ ‹ለጋሼ ነዋ› ብለሽ አፌን ዘጋሽኝ። ትናንት መሳቢያሽን ስትቆልፊ፣ በቃ አለቀ አልኩ።»

ፈቺዋ መጀመሪያ ሳቅ መጣባት፤ የሚያስቅ ነገር ስላለ አይደለም። ስክሪኑን ወደ ግድግዳ ያዞረው ከእሷ ሸሽቶ ነው። ዓይኑን የሰበረው እሷን ጠርጥሮ ነው። ሁለት ሰው በአንዲት ክፍል ውስጥ ተፋጥጠው አንዱ አንዱን ሌባ ሲል ሰንብቷል።

«እኔ ሥራህን ካየሁ ስንት ጊዜዬ!» አለች። «ከሠለጠንክ ወዲህ አንድም ፋይልህ በእጄ አላለፈም። ከአንተ በቀጥታ ወደ ጋሼ ነው የሚሄደው።»

ተያዩ። ሁለቱም የዚያን ሰንሰለት ጅራት በአንድ ጊዜ ያዙት።

ከዚያ ፈቺዋ ወደ ኋላ ሄደች፣ ነገር በነገር። የራሷ ጥያቄዎች የት ደርሰው ነበር? ጋሼ ሁልጊዜ «ጸሐፊዎቹ አረጋግጠዋል፣ እለፊው» ነበር የሚሏት፤ መልሱን በዓይኗ አይታ አታውቅም። የሰው ፋይል መክፈት ክልክል የሆነውስ ለማን ብሎ ነው? እሷ ቆርጣ ስትፈታ ኮማ ደግሞ ሳትቆርጥ ስታንጠለጥል፣ ጋሼ ሁለቱንም ያደንቁ ነበር፣ «ሁለታችሁም የራሳችሁ እጅ አላችሁ፣ እንዳትመሳሰሉብኝ» እያሉ። ያን ጊዜ ሙገሳ መስሏት ቤቷ ሄዳ ለባሏ አውርታዋለች! ደንበኛው ለካ ጥናት እንደ ሸቀጥ የሚያመርት ፋብሪካ ነው፤ የአንድ ፋብሪካ ውሸት ደግሞ በሁለት እጅ ሲፈታ ሁለት እውነት ይመስላል። እሷ በትጋት ባሳመረችው ቁጥር መንታነቱ ይጠፋል። ኮማ ሄደች፣ ግሬደር በእሷ እጅ ተቀረጸ፣ ውሸቱ አንድ ዓይነት ልብስ ለብሶ አደባባይ ወጣ። አሁን ጋሼ የሚፈልጉት «የራሱ እጅ ያለው ሰው» ምን እንደሆነ ገባት። ሥራዬ ብላ የምትኮራበት ነገር ለካ የሌላ ሰው መሸፈኛ ኖሯል።

«ቆይ እኔ ግን» አለ ግሬደር ቀስ ብሎ፣ «ዛሬ ለምን ወረቀቴን ፈለግሽው?»

መዋሸት ይቻል ነበር። አልዋሸችም፤ ጋሼ ያሏትን ነገረችው፣ እሷም ትናንት «ሌባ» እንዳለችው ነገረችው። ግሬደር ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ፤ ቦርሳውን እንኳ አላወረደም።

«ልጆቼን ትምህርት ቤት አድርሼ ነው የመጣሁት» አለ። እሷን ግን ከስድብ ሁሉ በላይ ያ ጎዳት።

ጋሼ እንደገቡ ሁለቱን ወረቀቶች ይዛ ሄደች። በሩን ራሷ ዘጋችው። ጎን ለጎን ዘርግታ፣ «ይኼን እዩልኝ ጋሼ። ተገለበጠ ያሉት ትርጉም አይደለም፤ ጥናቱ ነው» አለች።

ለካ ልቧ ውስጥ አንድ ጥግ ላይ እንዲደነግጡላት ስትመኝ ነበር። «ምን! አታለሉን!» እንዲሉላት። ጋሼ ግን መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት። ወረቀቱን አላዩትም። ያን ጊዜ የቀረችው ተስፋዋም ቁርጥ አለች።

«ልጄ፣ እኛ ተርጓሚዎች እንጂ ፖሊሶች አይደለንም» አሉ። «የተቋጠረውን እንፈታለን፤ ማን ቋጠረው አንልም።»

«እርስዎ ‹የማን ነህ ብለሽ ጠይቂው› አላሉኝም እንዴ?»

«ለሥራው ነው እንጂ!» አሉ፤ ድምፃቸው ትንሽ ከረረ። ወዲያው ግን አለዘቡት። «ስሚ። አንቺን ማንም አይነካሽም። ሰውየው ይሄዳል፣ ሌላ ይመጣል፣ ሁሉም እንደ ድሮው ይሆናል። ያን አንቀጽ ብቻ ጻፊልኝ። እኔ ላንቺ አባት ነበርኩ።»

ይህን የተናገሩት እውነታቸውን ነው፤ ክፋቱም እዚህ ላይ ነው። እርሳስ አያያዝ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። አባቷ የሞተ ጊዜ ሰልስት እስኪወጣ አብረዋት የተቀመጡት እሳቸው ናቸው። እንባዋ መጣ፣ ዋጠችው።

«እሺ ጋሼ» አለች። «ከምሳ በፊት ይደርስዎታል።»

ወጥታ ጠረጴዛዋ ላይ ተቀመጠች። ግሬደር ዕቃውን ወደ ካርቶን እየከተተ ነበር፤ የልጆቹን ፎቶ፣ ሦስቱን እርሳሶች። «ተወው፣ አትሰብስብ» አለችው። አላመናትም። ለምንስ ያምናታል?

ጻፈች። ዕድሜ ልኳን ሰንሰለት ስትፈታ የኖረች ሴት፣ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ራሷ ሰንሰለት ሠራች። አንድም ቦታ አልቆረጠችም፤ ቀለበቱን በቀለበት እያያዘች፣ ስሙን መጨረሻ ላይ አድርጋ። ሁለት ቅጂ አተመች፤ ሁለቱም ላይ ፈረመች። አንዱን ከሁለቱ የቻይንኛ ወረቀቶች ቅጂ ጋር አያይዛ ለግሬደር ሰጠችው። «ይኼን ቦርሳህ ውስጥ አስገባ። ሠራተኛ ጉዳይም ፍርድ ቤትም ብትሄድ በእጅህ ይኑር። ጥናቶቹን የሚያትሙት መጽሔቶችም ይፈልጉት ይሆናል። ሌባ ያልኩህን ግን በምን እንደምክስህ አላውቅም።»

ግሬደር አነበበው። ሲጨርስ አጥፎ ቦርሳው ውስጥ ከተተውና፣ «የኔታ፣ ኮማ እንኳ እንደዚህ አላስረዘመችም» አለ። ዓይኑ እርጥብ ነበር። ካርቶኑን ግን መሬት አስቀመጠው።

ሌላውን ቅጂ ጋሼ ጋ ይዛ ገባች። በሩን አልዘጋችውም። ጋሼ ወረቀቱን ተቀብለው መነጽራቸውን አስተካከሉ። እንዲህ ይላል፦

«ሥራውን ያስተማሩኝ፣ ስማቸው እንጂ አካላቸው ያልተለያየ ጥናቶችን እንዳይመሳሰሉ ለተለያየ እጅ እያከፋፈሉ የሚሰጡት፣ ‹ሕፃናት ብቻቸውን እንዴት ይኖራሉ?› ብሎ የጠየቀውን ሠራተኛ ጥያቄ ደምስሰው የላኩት፣ ነገሩ ሲነቃባቸው ምንም ያልሰረቀውን ይህንኑ ሠራተኛ ሌባ ነው ብዬ እንድመሰክርበት የጠየቁኝ፣ እኔም ለአንድ ቀን ያመንኳቸው፣ እንደ አባቴ የማያቸው ሰው፣ ጋሼ ናቸው።»

ጋሼ የድሮ ተርጓሚ ናቸው፤ ልማድ አይለቅም። ረጅም ዓረፍተ ነገር ሲያዩ ለተማሪዎቻቸው ሁሉ እንዳስተማሩት ከጅራቱ ነው የሚጀምሩት። ዓይናቸው ቀጥ ብሎ ወደ መጨረሻው ስም፣ ወደ ራሳቸው ስም ሄደና እዚያ ቆመ። ወደ ኋላ ለመመለስ፣ እያንዳንዱን ገላጭ የማን ነህ ብሎ ለመጠየቅ ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው። ፈቺዋ ቆማ ጠበቀቻቸው። በተከፈተው በር በኩል ግሬደር እርሳሶቹን ከካርቶኑ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጥ ይሰማ ነበር።